30 ሰከንድ፣ አንድ ስልክ፣ አንድ ቀሚስ፦ ጥያቄና መልስ

ጎንደር ፒያሳ ላለ የሀገር ልብስ ቡቲክ በስልክ የሠራነውን ማስታወቂያ ያያችሁ ብዙ ጠይቃችኋል። ዛሬ ማታ የቻልኩትን እመልሳለሁ።

«ስንት ሾት ይበቃል? እኔ 25 ጽፌያለሁ።»

25 ከሆነ ለአንዱ የሚደርሰው አንድ ሰከንድ ከትንሽ ነው፤ ጥለት በዚህ ፍጥነት አይታይም። የኛ ዘጠኝ ነበር። የጥለቱ ክሎዝ አፕ 2 ሰከንድ፣ ልጅቷ ከመጋረጃው ስትወጣ 4፣ መስታወት ፊት ስትዞር 5፣ እናቷ ነጠላውን ስታለብሳት 4፣ ጣቶቿ ጥለቱን ሲዳስሱ 3፣ ከበር ስትወጣ 3፣ መንገድ ላይ ስትሄድ 4፣ ፈገግታዋ 2፣ የሱቁ ስምና ስልክ ቁጥር 3። የመጨረሻውን ከዚህ በታች አታውርዱት፤ ቁጥሩ ሳይነበብ ያልፋል።

«ስቶሪቦርድ እኮ ለፊልም ነው። ለዚህ ሾት ሊስት ይበቃል።»

ለሱቁ ውስጥ ልክ ነህ፣ እኛም ስቶሪቦርዱን ብዙ አልሳልንም። እንቅስቃሴ ላይ ግን የሾት ሊስት ጽሑፍ ብቻውን ይሸውዳል። «ከበር ትወጣለች»፣ «መንገድ ላይ ትሄዳለች» ብለን ጽፈን ነበር። ሥዕሉ ላይ ቀስት ስናደርግ አንዱ ወደ ቀኝ፣ ሌላው ወደ ግራ ሆነ። እንደዚያ ቢቀረጽ ልጅቷ ወደ ሱቁ የተመለሰች ይመስላል። ስለዚህ መንገዱን ተሻግረን ከሌላው ወገን ቀረጽን። በመስመር ብቻ የተሠራ ሰው መሳል ይበቃል።

«በቅደም ተከተል ነው የቀረጻችሁት? የኔ ነጭ ቀሚስ ደግሞ ሁሌ ይቃጠላል፤ ስልክ ልቀይር?»

እህቴ፣ ስልኩን አትቀይሪ። የሱቁ ጓዳ ጨለማ ስለሆነ ስልኩ ሁሉንም ያበራዋል፣ ነጩም አብሮ ይነጣል። ስክሪኑ ላይ ቀሚሱን በጣትሽ ተጭነሽ ቆዪ፤ ትኩረቱና ብርሃኑ ሲቆለፍ የሸማው ክር እስኪለይ ድረስ ብርሃኑን ወደ ታች ጎትቺ። ክሩ ስትቀርጪ ከጠፋ በኤዲት አይመለስም።

ቅደም ተከተሉን በተመለከተ፣ እያንዳንዱ ሾት ሁለት ቁጥር ይኑረው፦ የሚታይበትና የሚቀረጽበት። እኛ ፀሐይዋ ሳትጠነክር ብለን ከጠዋቱ 2 ሰዓት መንገዱን አስቀደምን፣ የጥለቱን ክሎዝ አፕ ለመጨረሻ ተውነው። ያኔ የቀሚሱ ጫፍ አቧራ ጠጥቶ ነበር፤ የማስታወቂያው የመጀመሪያ ሁለት ሰከንድ ደግሞ ያ ጫፍ ነው! ቡናማ ሆኖ ስለታየን ሌላ ቀሚስ አስመጥተን ደገምነው። አሁን ጥለቱን በር አጠገብ ቀርጸን ነው የምንወጣው።

«ፋሲል ግቢ ውስጥ ብትቀርጹት አያምርም ነበር?»

ያምራል። ግን ፈቃድ ሳትይዙ ሊስቱ ላይ አታስገቡት። በቁም ስልክ ግንቡን ሙሉ ለማሳየት ከራቃችሁ ደግሞ ጥለቱ ክር ያህል ይቀራል።

«ዋጋው ይጻፍ?»

የሱቁ ባለቤት «ደንበኛ ደውሎ ይጠይቅ» አለችኝ። እኔ ይጻፍ ባይ ነኝ። እስካሁን አልተስማማንም፤ ቡቲክ ያላችሁ ምን ትላላችሁ?