አሜን ያልተባለበት ምርቃት

ባለፈው ሳምንት አንዲት ወጣት ባልደረባዬ ስልኳን ይዛ መጣች። ለአያቷ 80ኛ ዓመት ልትልክ የጻፈችው ነው። «ረጅም ዕድሜና መልካም ጤንነት እመኝልዎታለሁ» ይላል። «ጋሼ፣ የሆነ ነገር ደረቀብኝ፤ ምን ጎደለው?» አለችኝ። ደነገጥኩ። በወጣትነቴ እኔው የጻፍኩት ዓረፍተ ነገር ነው።

ያኔ ትርጉም ክፍል ነበርኩ። ቀኑን ሙሉ እንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ስንመልስ እንውላለን። አለቃችን ጡረታ ሲወጡ የመሸኛውን ንግግር እኔ እንዳነብ ተባለ። ሦስት ሌሊት ለፋሁበት። መጨረሻው ላይ «እመኝልዎታለሁ» ስል ድምፄን ከፍ አደረግኩ። ተጨበጨበ። ግን አንድም ሰው «አሜን» አላለም። እሳቸውም ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ዝም አሉ።

ወዲያው ቡና የሚያፈሉልን እናት ከበሩ አጠገብ ሆነው ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። «ዕድሜና ጤና ይስጥልን! ክፉ አይንካዎት! ለልጅ ልጅ ያኑርልን!» አሉ። አዳራሹ በየመሐሉ «አሜን! አሜን!» አለ። አለቃዬ ከመቀመጫቸው ተነስተው ጎንበስ ብለው እጅ ነሱ። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። በዓመቱ አረፉ። እኔ አንድ ቀን እንኳ በወጉ ሳልመርቃቸው።

«እመኛለሁ» ስል ነገሩ ስለ እኔ ሆነ። በአማርኛ ዕድሜ ሰጪው ፈጣሪ ነው፤ ስሙ ባይጠራም ይታወቃል። ለዚህ ነው «ይስጥ»፣ «ያኑር»፣ «ያቆይ» የምንለው። ሰሚው አሜን የሚልበት ቦታ ያገኛል። «ያኑርዎት» ለሰውየው ብቻ ነው። «ያኑርልን» ሲባል ግን እኛም እንፈልግዎታለን ማለት ነው። «ረጅም» ማለት ስህተት አይደለም፤ ግን «ዕድሜ ይስጥልን» ሲባል መርዘሙ አብሮ ይሰማል። ጤናም «መልካም» አያስፈልገውም።

ሴት አያቴ ሳስነጥስ «ይማርህ» ትለኝ ነበር። «ያኑርሽ» ካላልኳት ዝም ብላ ትጠብቀኝ ነበር። ምርቃት መልስ አለው።

የዛሬ ልጆች ለታመመ ሰው «ቶሎ ይዳኑ» ሲሉ አያለሁ። ትእዛዝ ነው የሚመስለው። «እግዜር ይማርዎት» በሉ፤ እየተሻለው ከሆነ «ጨርሶ ይማርዎት»። «ነፍስ» የምትለዋን ግን እንዳታስገቡ። «ነፍስ ይማር» ለሞተ ሰው ነው። ደግሞ ሁሉም ከውጭ የመጣ ይጣል አልልም። ለልጅ ልጆቼ «መልካም ልደት» ብዬ እጽፋለሁ፤ ደስ ይላቸዋል።

ልጅቷ አጥፍታ እንደገና ጻፈች። «አባባ፣ እንኳን ለዚህ አደረሰዎት። ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ፤ ለከርሞም በሰላም ያድርሰን።» ብዙም ሳይቆይ ስልኳ ጮኸ። የሽማግሌው ድምፅ እኔ ድረስ ይሰማል፦ «አሜን! እደጊ ልጄ፣ ለወግ ለማዕረግ ያብቃሽ!»