የወረደ ትከሻና ራግላን እጅጌ

«የደንበኛዬ ትከሻ ወደ ታች የወረደ ነው፤ የእጅጌው ስፌት ሁልጊዜ ወደ ክንዷ ይንሸራተትባታል። ራግላን ባደርገው ይሻላል?»

አይሻልም። ራግላን ከአንገት ተነሥቶ በሰያፍ ወደ ብብት ስለሚወርድ ዓይንን ይዞ ይወርዳል፤ ለእርሷ ስፌቱ ትከሻዋ ላይ የሚያርፈውን መደበኛውን እጅጌ ይጠብቁላትና ስፌቱን ብቻ ወደ ውስጥ ያስገቡት።

ክንዷን ወደ ጎን ስታነሣ ትከሻዋ ጫፍ ላይ ትንሽ ጉድጓድ ይታያል፤ እዚያ በጠመኔ ምልክት ያድርጉ። ስፌቱ ከምልክቱ 2 ሴንቲ ሜትር ካለፈ፣ ከትከሻው ጫፍ 2 ሴንቲ ሜትር ቀንሰው ወደ ብብቱ አጋማሽ ሲወርዱ ቅነሳውን ቀስ በቀስ ወደ ዜሮ ያድርሱት። ከዚያ ስስ የትከሻ ስፖንጅ ቢጨምሩ ትከሻዋ ቀና ይላል።

አንድ ነገር ግን ይጠንቀቁ። ሐረር የልብስ ሰፊዎች ሰፈር በሆነው መኪና ግርግር ስሠራ የአንዲት ደንበኛ ቀሚስ ላይ ትከሻውን ብቻ ቀንሼ የእጅጌውን ጉልላት እንደነበረ ተውኩት፤ ክንዷን ስታወርድ ከጉልላቱ ጫፍ ወደ ብብቷ የሚወርድ ሰያፍ ሽብሽብ ወጣና እጅጌውን እንደገና ለመቁረጥ ተገደድኩ። ከትከሻው የቀነሱትን ያህል ጉልላቱ ከፍ ማለት አለበት፤ ይህም ጨርቁ ሳይቆረጥ በፊት ካልታሰበ ጨርቅ ያጥራል።

ድሬዳዋ ሙቀት ነው ብላ ዶልማን፣ ማለትም ከቀሚሱ አካል ጋር አብሮ የሚቆረጥ ሰፊ እጅጌ፣ ከጠየቀችዎ ግን፣ ብብቷ ሥር ጨርቅ እንደሚከማች አስቀድመው ይንገሯት።