የሱቅና የቤት ገንዘብ የተቀላቀለበትን ስቴትመንት ስለ መለየት

«የአንድ ዓመት ስቴትመንት አውጥቻለሁ። የሱቁም የቤቱም ገንዘብ በአንድ ሒሳብ ነው የሚንቀሳቀሰው፤ አብዛኛው በጥሬ የወጣ ስለሆነ የቱ የሱቁ፣ የቱ የቤቴ እንደሆነ ጠፍቶብኛል። ከየት ልጀምር?»

እህቴ፣ እኔም የጽሕፈት መሣሪያ ሱቄን ሒሳብ ሦስት ዓመት ሙሉ ከቤቴ ሳልለይ ይዤ ቆይቼ ዋጋውን ስለከፈልኩበት፣ ያየሁትን እነግርሻለሁ።

1. ከባንክ የወጣ ጥሬ ገንዘብ ገና ወጪ አይደለም። ገንዘቡ ከባንክ ወጥቶ እጅሽ ገባ ማለት ብቻ ነው፤ ወጪ የሚሆነው በደረሰኝ ለሱቁ የተከፈለው ነው። የእኔ ሒሳብ ሠራተኛ ግን ከስቴትመንቱ ላይ «ወጪ» የሚለውን ሁሉ የዕቃ ግዢ ብሎ መዘገበ፤ ቀጥሎም የግዢ ደረሰኞቹን ለብቻ ደግሞ መዘገባቸው። ለምሳሌ ጥር 14 ቀን 60,000 ብር አወጣሁ፤ በዚያው ከሰዓት በኋላ በ41,300 ብር ወረቀትና ደብተር በደረሰኝ ገዛሁ፣ 12,000 ብር የምኖርበትን ቤት ኪራይ ከፈልኩ፣ 6,700 ብር እጄ ላይ ቀረ። ትክክለኛው ግዢ 41,300 ብር ሆኖ ሳለ መዝገቡ ላይ 101,300 ብር ሆኖ ተገኘ። የቤት ኪራዩ የባለቤቱ የግል ወጪ ነው፤ ከካፒታል ይቀነሳል እንጂ ከትርፍ አይቀነስም። የቀረው 6,700 ብርም በእጅ ያለ ገንዘብ ነው።

ግብር የሚያንስልኝ መስሎኝ ዝም ማለቴን አልክድም። ኦዲተሩ ግን የተገዛውን ዕቃ ከተሸጠውና ከመጋዘኑ ቆጠራ ጋር ሲያስተያይ «ይህ ሁሉ ዕቃ የት ገባ?» አለኝ፤ መልስ ሳጣ ያለ ደረሰኝ እንደሸጥኩት ቆጠረው። ያልገዛሁት ዕቃ ያልሸጥኩት ሽያጭ ሆኖ ተመለሰብኝ! ላስረዳ ወደ ቢሮው አራት ቀን ተመላለስኩ፤ አንደኛው ሠራተኛ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «ነገ ና» ይለኝ ነበር። እኔም የዋህ ሆኜ በቃል ሳስረዳ፣ ውሳኔው ከደረሰኝ ጀምሮ ቅሬታ በጽሑፍ የሚቀርብባቸው 21 ቀናት ሊያልቁብኝ ሁለት ቀን ሲቀራቸው ነው የነቃሁት። አንቺ እዚያ ከደረስሽ በመጀመሪያው ቀን በጽሑፍ አስገቢ፣ የተቀበሉበትንም ማኅተም በቅጂሽ ላይ አስመቺ።

2. ገቢውንም እይ። ዕቁብ ደርሶኝ ባንክ ያስገባሁት 150,000 ብር ሽያጭ ተብሎ ነበር። እኔ በነበርኩበት የ35 በመቶ እርከን ይህ ብቻ 52,500 ብር ግብር ማለት ነው። ያዳነኝ የዕቁቡ ጸሐፊ በየሳምንቱ 5,000 ብር ለ30 ሳምንት መጣሌን የሚያሳየውን መዝገብ ገልብጦ በፊርማ መስጠቱ ነው። የዕቁብ መዋጮ ወጪ አይደለም፣ ሲደርስም ገቢ አይደለም። ከዘመድ የተላከና የተበደርሽውም እንደዚሁ ነው፤ ግን ወረቀት ይፈልጋል።

3. ሥራውን ያቃናልኝ ኋላ የቀጠርኳት ባለሙያ ዘዴ ነው። ስቴትመንቱን ወደ ኤክሴል ገልብጣ ከጎኑ አራት ዓምድ ጨመረችበት፤ ሱቅ፣ ቤት፣ ጥሬ ገንዘብ እና ያልታወቀ። መጀመሪያ ጥርጥር የሌላቸውን ለየች፤ ለአቅራቢ የተላከውን ወደ ሱቅ፣ የልጆቹን ትምህርት ቤት ክፍያ ወደ ቤት። በጥሬ የወጣውን ሁሉ ለብቻው በተከፈተ የጥሬ ገንዘብ መዝገብ ላይ ገቢ አደረገችው፤ በእጅ የተሸጠውንም ጨመረችበት፤ ከዚያ ደረሰኞቹንና ባንክ መልሼ ያስገባሁትን በየቀናቸው ቀነሰች። እዚህ ላይ ነው እውነቱ የወጣው። ሰኔ 30 ቀን መዝገቡ በእጄ 340,000 ብር እንዳለ ሲያሳይ በመሳቢያዬ ውስጥ የነበረው 4,000 ብር ብቻ ነበር። ልዩነቱ 336,000 ብር በዓመቱ ውስጥ ሳልጽፈው ለቤት የወሰድኩት ነው፤ በአስቤዛ፣ በልቅሶ፣ በሠርግ ሄዷል። መዝገቡ በመካከል ከዜሮ በታች ከወረደ ደግሞ ያልተመዘገበ ሽያጭ ወይም ከኪስሽ የጨመርሽው ገንዘብ አለና ያንን ቀን ፈልጊው።

ያልታወቀውን «ልዩ ልዩ ወጪ» ብለሽ እንዳታሳልፊው፤ ደረሰኝ ካልተገኘለት ወደ ቤት ይሂድ። ለራሴ በወር 8,000 ብር ደመወዝ ብዬ የያዝኩትንም ያው ባለሙያ ሰርዛብኛለች፤ የግል ነጋዴ ከራሱ ሱቅ የሚወስደው ደመወዝ ሳይሆን የግል ወጪ ነውና። ከመደርደሪያ ለልጆቼ የወሰድኩትን ደብተር ሳይቀር በተገዛበት ዋጋ እዚያው አስገብታዋለች፤ ያኔ ተናድጄባት ነበር።

ዛሬ ለቤት ሌላ ሒሳብ ከፍቻለሁ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ ጊዜ ብቻ «ለቤት» ብዬ ጽፌ አስተላልፋለሁ፤ ከሱቁ ሒሳብ ጥሬ ገንዘብ የማወጣው አቅራቢው በባንክ አልቀበልም ሲለኝ ብቻ ነው።