ትምህርቱን ከማቋረጥሽ በፊት ጭንቀቱ ከየት እንደሚመጣ እንይ

«ሰላም እትዬ። ሐዋሳ ጋርመንት ፋብሪካ ውስጥ የስፌት መስመር ሱፐርቫይዘር ነኝ። ሁለት ልጆች አሉኝ፤ ትልቁ 7 ዓመቱ ነው፣ ትንሿ 3። ባለቤቴ ሹፌር ስለሆነ በሳምንት ሦስት አራት ሌሊት ውጭ ያድራል። ልጆቹን የምትይዝልኝ የአክስቴ ልጅ ናት። ቅዳሜ ከሰዓትና እሁድ ማኔጅመንት እማራለሁ፣ ሁለተኛ ዓመት ነኝ። እንዳሉኝ የጨነቀኝን ሰዓት ሁሉ ለሰባት ቀን ጽፌ ልኬልዎታለሁ። ማታ ደብተር ስከፍት እንቅልፍ ይጥለኛል። ልጄ ደግሞ "እማዬ፣ ሁሌ ትቆጫለሽ" አለኝ። ትምህርቱን ልተው ወይስ ሥራውን? አንዱን ይምረጡልኝ።»

እህቴ፣ ማስታወሻሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መልሴን ላስቀድም፦ ትምህርቱን አሁን አትተዪ። ይህን የምልሽ ላጽናናሽ ብዬ አይደለም። የጻፍሽው ራሱ አብዛኛው ጭንቀትሽ ከትምህርቱ እንደማይመጣ ስለሚያሳይ ነው።

በሰባቱ ቀን ውስጥ 17 ጊዜ «ጨነቀኝ» ብለሽ ጽፈሻል። እያንዳንዱ ላይ አንድ ጥያቄ ጠየቅሁ፦ ሌላው ኃላፊነትሽ ባይኖር ኖሮ ይህ ጭንቀት ይቀር ነበር?

ቅዳሜን እንውሰድ። ስድስት ሰዓት ላይ ልትወጪ ስትይ «ሺፕመንት ደርሷል፣ እስከ አሥር ሰዓት ትቆያላችሁ» ተባለ። ስምንት ሰዓት ላይ ደግሞ የአካውንቲንግ ክፍል ነበረሽ። ተማሪ ባትሆኚ ብትቆዪ ምንም አልነበረም። ሠራተኛ ባትሆኚ ክፍልሽ ገብተሽ ትቀመጪ ነበር። አንድ ሰው በአንድ ሰዓት ሁለት ቦታ መገኘት ስለማይችል ነው የተጨነቅሽው። በሶሺዮሎጂ ይህ የሚና ግጭት ይባላል፤ ሁለት ሚናዎች እርስ በእርስ ሲጋጩ ማለት ነው።

አሁን ደግሞ ሐሙስን ተመልከቺ። ክፍል የለሽም፣ ልጆቹም ሰላም ናቸው። የምርት ኃላፊው መጥቶ ሰሌዳው ላይ የሰዓቱን ታርጌት 80 ሸሚዝ ብሎ ጻፈ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ የጥራት ተቆጣጣሪዋ የኮሌታው ስፌት ጠማማ ነው ብላ 14 ሸሚዝ መለሰችብሽ። እሱ «ፍጠኑ» ይላል፣ እሷ «ቀስ በሉ» ትላለች። ኮሌታ የምትሰፋው ልጅ ደግሞ «አንቺ እንኳ እንደ እህት አታስቢልንም?» ብላ አለቀሰች። ትምህርቱን ከዚህ ቀን ብናወጣው ምን ይለወጣል? ምንም። ልጆችሽ አያታቸው ቤት ቢላኩም ሐሙስ ያው ሐሙስ ነው። ጭንቀቱ ያለው እዚያው ሱፐርቫይዘርነቱ ውስጥ ነው። ይህ የሚና ጫና ይባላል። አንድ ሚና ብቻውን እርስ በእርሱ የማይስማማ ወይም ከአቅም በላይ የሆነ ነገር ሲጠይቅሽ ማለት ነው።

ብዙ ሰው ሁለቱን አንድ አድርጎ «ተወጥሬያለሁ» ይላል። የሚያሳስበኝም ይኸው ነው፤ መድኃኒታቸው አንድ አይደለምና። ግጭት የሚፈታው በሰዓት ድርድር ነው። ጫና ግን ሰዓት ቢጨመርበትም አይለቅም። ቅዳሜሽን ሙሉ ነፃ ባደርግልሽ ሐሙስ አይቀልም።

ከ17ቱ አምስቱ እንደ ቅዳሜው ያሉ የሰዓት ግጭቶች ናቸው። ስምንቱ እንደ ሐሙሱ የመስመሩ ጣጣ ናቸው። የቀሩት አራቱ ማታ ቤት ውስጥ የሆኑ ናቸው፣ እነሱን ለብቻ አይቻቸዋለሁ።

ማክሰኞ ማታ እንዲህ ጽፈሻል፦ «ልጄ የቤት ሥራ ሲሠራ "ስንት ደረስክ? ቶሎ በል እንጂ!" ብዬ ጮኽኩበት። ድምፄን ስሰማው የፋብሪካው ነው።» ይህን አንብቤ ቆም አልኩ። ግሪንሃውስና ቢውቴል የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በ1985 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጽሑፍ ሥራና ቤት የሚጋጩት በሰዓት ብቻ አይደለም ይላሉ። አንዱ ቦታ ያደከመሽ ድካም ሌላው ቦታ ይከተልሻል። አንዱ ቦታ የሚያስፈልግ ጠባይም ሌላው ቦታ ያበላሻል። መስመር ላይ በየሰዓቱ «ስንት ደረሰ?» ማለት ሥራሽ ነው። ለ7 ዓመት ልጅ ግን ቁጣ ነው። ደብተር ስትከፍቺ የሚጥልሽ እንቅልፍም እንደዚሁ ነው፤ ስንፍና አይደለም፣ ከፋብሪካ አብሮሽ የመጣ ድካም ነው።

እንግዲህ ክሩ የሚጀምረው ከሐሙስ ነው። የመስመሩ ጫና ማታ ቤት ይገባል፣ ከቤትም ደብተሩ ላይ ይደርሳል። ትምህርቱን ብትተዪ የመጨረሻውን ጫፍ ብቻ ነው የምትቆርጪው።

ስለዚህ ከፋብሪካው እንጀምር። ሮበርት መርተን የተባለው አሜሪካዊ የሶሺዮሎጂ ሊቅ በ1957 እ.ኤ.አ. ያስተዋለው ነገር ለአንቺ የተጻፈ ይመስለኛል። አንድ ኃላፊነት የያዘ ሰው ዙሪያውን የተለያዩ ሰዎች አሉት፣ እያንዳንዱም የየራሱን ነገር ይጠብቅበታል። ያንቺ ዙሪያ የምርት ኃላፊው፣ የጥራት ተቆጣጣሪዋና ሰፊዎቹ ናቸው። ጥያቄያቸው መጋጨቱን የምታውቂው መሀል ላይ የቆምሽው አንቺ ብቻ ከሆንሽ ሸክሙ ያንቺ ብቻ ይሆናል። መርተን ከጠቀሳቸው መውጫዎች አንዱ ግጭቱን ራሳቸው እንዲያዩት ማድረግ ነው። ያኔ ጉዳዩ ከአንቺ ወጥቶ የእነሱ የእርስ በእርስ ጉዳይ ይሆናል።

በተግባር እንዲህ አድርጊው። ለአንድ ሳምንት በየሰዓቱ ሦስት ነገር ጻፊ፦ ታርጌቱ ስንት ነበር፣ ስንት ወጣ፣ ከጥራት ስንት ተመለሰ። የተመለሰበትን ምክንያትም በአንድ ቃል ጨምሪበት፤ ኮሌታ፣ ቁልፍ፣ ኪስ እያልሽ። ከዚያ ወረቀቱን ይዘሽ ለኃላፊው ብቻ አትንገሪ፣ ለተቆጣጣሪዋም ብቻ አትንገሪ። ሁለቱ ባሉበት አምስት ደቂቃ ጠይቂ። አነጋገርሽ የአቤቱታ አይሁን። «ሐሙስ በሰዓት 80 ብለን 14 ተመልሶብናል፣ መልሰን ስንሰፋው ደግሞ የቀጣዩን ሰዓት በላብን። በቁጥር 80 ይሁን ወይስ የኮሌታው ማሽን እስኪስተካከል ቀንሰን እንሂድ? እናንተ ተነጋግራችሁ ወስኑልኝ፣ እኔ የወሰናችሁትን አስፈጽማለሁ።» የመጨረሻዋን ዐረፍተ ነገር እንዳትረሺ። የሚወስኑት እነሱ እንጂ አንቺ እንዳልሆንሽ የምትናገረው ያቺ ዐረፍተ ነገር ናት።

የማይሠራበት ጊዜም አለ። ኃላፊው ከተቆጣጣሪዋ በላይ ከሆነና እሷን የማይሰማ ከሆነ ሁለቱን ማገናኘት አንቺን ከመሀል አያወጣሽም። እንዲያውም «አሳበቀች» ሊያሰኝሽ ይችላል። ይህን የምታውቂው በመጀመሪያው ስብሰባ ነው። መልሱ «አንቺ ነሽ ሱፐርቫይዘሯ፣ ተወጪው» ከሆነ ጫናው አሠራሩ ውስጥ የተቀበረ ነው ማለት ነው። ያን ጊዜ የምንነጋገረው ስለ ትምህርት ሳይሆን ስለ ሥራ መቀየር ይሆናል። ማኔጅመንቱን መጨረስሽም ለዚያ ነው የሚጠቅምሽ።

አሁን ወደ አምስቱ ግጭቶች። ሁለቱ ቅዳሜ ላይ ናቸው፣ አንዱ የልጅሽ ትኩሳት ነው፣ አንዱ የትምህርት ቤት የወላጅ ስብሰባ፣ አንዱ የጎረቤት ለቅሶ። ከእነዚህ ውስጥ ትኩሳቱና ለቅሶው ብቻ ናቸው አስቀድመው የማይታወቁት። ለቅሶውን በቀላሉ ልለፈው፦ የእድሩን ዳኛ አነጋግሪና የአክስትሽ ልጅ ባንቺ ስም ትቁም፤ ማታ ራስሽ ሄደሽ «እግዜር ያጽናችሁ» ትያለሽ።

ቅዳሜው ግን ቀድሞ ካልተያዘ አይያዝም። አለቃሽ ዓርብ ማታ ሺፕመንት ሲደርስበት ስለ ፈተናሽ ብትነግሪው የምትለምኚው እሱ በጨነቀው ሰዓት ነው። ስለዚህ ሬጅስትራር ሄደሽ የሴሚስተሩን የፈተና ቀኖች አሁን ውሰጂ። ሚድና ፋይናል ሲደመር ቁርጥ ያሉ ጥቂት ቀኖች ናቸው። እነሱን በጽሑፍ አስገቢ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የዓመት ፈቃድ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ነው፣ ከዚያ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመራል። የፈቃድ ፕሮግራም የሚወጣው በተቻለ መጠን የሠራተኛውን ፍላጎት አይቶ ነው። ፈቃዱ ተከፍሎ እንዲሰጥሽም መጠየቅ ትችያለሽ፣ አሠሪው ከተስማማ። እስካሁን ፈቃድሽን በሙሉ ለበዓልና ለልጆች ሕመም አውጥተሽው ከሆነ ከዚህ ዓመት ጀምሮ የተወሰነውን ለፈተና ለይተሽ አስቀምጪ። ለቀሪዎቹ ቅዳሜዎች ከሌላኛዋ መስመር ሱፐርቫይዘር ጋር ተቀያየሩ። እሷም የራሷ ጉዳይ የሚኖራት ቀን አለ።

ቤቱን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ እጨምራለሁ። ከባጃጁ ሰፈርሽ ሳትደርሺ ቀድመሽ ውረጂና አሥር ደቂቃ በእግርሽ ሂጂ። እዚያ መንገድ ላይ ስልክ አታንሺ። የመስመሩ ድምፅ ቤት ከመግባትሽ በፊት የሚበርድበት ጊዜ ይፈልጋል። ደብተሩን ደግሞ ከማታ ወደ ንጋት አዛውሪው። ልጆቹ ሲተኙ አብረሽ ተኚ፣ አሥር ሰዓት ላይ ተነስተሽ አንድ ሰዓት አንብቢ። ባለቤትሽ ቤት በሚያድርባቸው ሌሊቶች ልጆቹን እሱ ያስተኛ፤ ሹፌር ነው ደክሞታል ብለሽ እንዳትተዪው። እሱም አባትነት የሚባል ሚና አለበት።

ይህን ሁሉ አድርገሽ ከአምስት ስድስት ሳምንት በኋላ ማስታወሻሽ ላይ የመስመሩ ስምንት ወርዶ፣ የሰዓት ግጭቱ ግን አምስት ላይ ወይም ከዚያ በላይ ከቀረ፣ ያኔ ትምህርቱ በእርግጥ ከሥራሽ ጋር ተጋጭቷል ማለት ነው። ያን ጊዜም ወዲያው ጥለሽ አትውጪ። መጀመሪያ የኮርሱን ቁጥር መቀነስ ይቻል እንደሆነ ጠይቂ። የማይቻል ከሆነ የዊዝድሮዋል ቅጽ በጊዜው ሞልተሽ፣ አስፈርመሽ፣ ኮፒውን ይዘሽ ውጪ። ዝም ብለው ክፍል መግባት ያቆሙና በሁሉም ኮርስ ኤፍ ተመዝግቦባቸው የመጡ ስንት እህቶች አስተናግጃለሁ። መመለስ ሲፈልጉ በሩ ላይ የሚያጋጥማቸው ያ ኤፍ ነው። የመሙያው የመጨረሻ ቀን የአካዳሚክ ካሌንደሩ ላይ አለ። ለፈተና ቀኖቹ ሬጅስትራር ስትሄጂ አብረሽ ጠይቂና ደብተርሽ ላይ ጻፊው። የሚቀጥለውን ሳምንት ማስታወሻም ላኪልኝ፣ የሐሙሱን ገጽ ከነቁጥሩ።