የሆድህ ሕመም ምክንያት እስኪታወቅ ትምህርቱን አታቋርጥ

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ። ለማስተርስ ጀርመን ከመጣሁ ሁለተኛ ሴሚስተሬ ነው። ከመጣሁ ወዲህ ሆዴ ይነፋል፣ ያስቀምጠኛል፤ ጠዋት ጠዋት ይብስብኛል። ከክፍል መቅረት አብዝቻለሁ፣ ፈተናም ደርሷል። አቋርጬ አገሬ ብገባ ይሻለኛል?»

መልስ፦ ወንድሜ፣ ይህን ውሳኔ አሁን አትወስን። ከዚህ በፊት ያማከርኳት፣ እዚያው ጀርመን የምትማር ልጅ ነበረች። እንድነግርህ ፈቅዳልኛለች፤ የሷ ነገር ብዙ ያሳይሃል።

አገር ቤት ሳለች ቁርሷ ፍርፍር፣ ምሳዋ ሽሮ ነበር፤ ወተት የምትቀምሰው ማኪያቶ ላይ ብቻ ነው። እዚያ ስትደርስ ጠዋት ኮርንፍሌክስ በወተት፣ ቀን ሜንዛ በሚባለው የዩኒቨርሲቲው ምግብ ቤት በክሬም የተሠራ ፓስታ፣ ማታ ዳቦና ለስላሳ አይብ ሆነ። ርካሽ ነው፣ ጊዜም አይፈጅም። ከዚያ ደግሞ ሐሳቡ አለ፤ ባንክ የታሰረላት ገንዘብ በየወሩ ሲቀንስ ታያለች፣ ቤተሰብ ደውሎ «መቼ ትጨርሻለሽ?» ይላታል። ሆዷ ሲነሣባት «ጨጓራዬ ነው» ብላ ከአገር ቤት ያስላከችውን ኦሜፕራዞል ሐኪም ሳያዝላት ትውጥ ነበር።

እኔ ያልኳት የበላችውን፣ ሆዷ የታወከበትን ሰዓትና በዚያ ቀን ያሳሰባትን ነገር ስልኳ ላይ እንድትጽፍ ነው። ሁለት ሳምንት ከጻፈች በኋላ አብረን ስናነበው አንድ የመሰለው ችግር ሁለት ሆኖ ተገኘ። ወተትና ክሬም በበላች ቀን ሆዷ የሚነፋው ከግማሽ ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ሴሚናር የምታቀርብበት ጠዋት ግን ምንም ሳትበላም ይቆርጣታል፤ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ደህና ናት።

የመጀመሪያው ምክንያት ላክቶስ የሚባለው የወተት ስኳር ነው። እሱን የሚፈጨው ኢንዛይም በብዙ ሰው ዘንድ ከልጅነት በኋላ ይቀንሳል፣ እኛም ዘንድ የተለመደ ነው። ትኩስ ወተትና ክሬም ይከብዳሉ፤ እርጎና ብዙ የቆየ ደረቅ አይብ ግን ላክቶሳቸው ስለሚያንስ ብዙዎች ይችሏቸዋል። ሁለተኛው ጭንቀት ነው። አንጀትና አንጎል በነርቭ የተያያዙ ስለሆኑ፣ ሰው ሲጨነቅ አንጀቱ ሊፈጥንና ትንሹም ነገር ሊያመው ይችላል። ስለዚህ «ጭንቀት ነው» ሲሉህ «ሕመም የለብህም» ማለታቸው አይደለም፤ ሕመሙ እውነተኛ ነው።

ጽሑፏን ይዛ ሃውስአርትስ ማለትም የቤተሰብ ሐኪም ዘንድ ሄደች። ሐኪሙ ለጨጓራ ባክቴሪያ የሰገራ ምርመራ ሲያዝላት ኦሜፕራዞሉን ሁለት ሳምንት እንድታቆም ነገራት፤ መድኃኒቱ ባክቴሪያውን ሊደብቀው ይችላልና። አንተም ስንዴን ከጠረጠርክ፣ ለሱ ከሚደረገው የደም ምርመራ በፊት ዳቦ አትተው፤ ከተውክ ውጤቱ ሊያሳስትህ ይችላል። ሰገራህ ደም ካለበት ወይም ከጠቆረ፣ ከከሳህ፣ ትኩሳት ካለህ ወይም ሕመሙ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስህ ከሆነ ግን መጻፉን ትተህ ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ ሂድ።

ልጅቷን ይበልጥ የጎዳት ሆዷ አልነበረም፤ የመጀመሪያውን ፈተና አልጋ ላይ ተኝታ ቀረች፣ የሐኪም ወረቀት ስላልነበራት «ወደቀች» ተብሎ ተመዘገበ። በጀርመን ዩኒቨርሲቲዎች ለአንድ ፈተና የሚፈቀደው የሙከራ ቁጥር የተወሰነ ነው፣ በብዙ ቦታ ሦስት ነው። በቀጣዩ ፈተና ጠዋት ሲያማት ወዲያው ሐኪም ዘንድ ሄዳ አቴስት የሚባለውን የሕመም ማስረጃ አወጣች፤ ያንኑ ዕለት ፕሩፉንግስአምት ለሚባለው የፈተና ክፍል ሰጠች። ያ ፈተና አልተቆጠረባትም። ከቀናት በኋላ የሚወጣ አቴስት ብዙ ጊዜ አይቀበሉትም፤ ተፈትነህ ከወጣህ በኋላማ ማስረዳቱ በጣም ይከብዳል። አንዳንዱ ክፍል ሐኪሙ የሚሞላው የራሱ ቅጽ ስላለው፣ ሳያምህ በፊት ከድረ ገጹ አውርደህ አስቀምጠው። የሙከራውን ቁጥርና የማስረከቢያውን ቀነ ገደብ የሚነግርህ ፕሩፉንግስኦርድኑንግ የሚባለው የትምህርት ክፍልህ የፈተና ደንብ ነው፣ ዛሬ አንብበው።

ለጭንቀቱ ሽቱዲረንደንቬርክ በሚባለው የተማሪዎች አገልግሎት ድርጅት ውስጥ ነጻ የሥነ ልቦና ምክር አለ። ወረፋው ሊረዝም ስለሚችል አሁኑኑ ተመዝገብ፤ ብዙ ቦታ በእንግሊዝኛም ያነጋግሩሃል።

አንድ ሴሚስተር ማረፍ የግድ ከሆነ ኡርላውብስዜሜስተር የሚባል ፈቃድ አለ፣ በሕመምም ይጠየቃል። ነገር ግን በዚያ ሴሚስተር ፈተና መቀመጥ ብዙ ጊዜ አይቻልም፣ የመኖሪያ ፈቃድህንም ሊነካ ይችላል። ስለዚህ ማመልከቻውን ከማስገባትህ በፊት የዩኒቨርሲቲውን ዓለም አቀፍ ተማሪዎች ቢሮ አነጋግር። የሐኪሙ ውጤት ሲደርስህ ከሁለት ሳምንት ማስታወሻህ ጋር ላክልኝና ማረፍ ያስፈልግህ እንደሆነ አብረን እናየዋለን።