ጠላና መብራት

ባለፈው ሳምንት አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ «ጋሼ፣ ሰው የመንገድ መብራት የሚፈልግ ከሆነ ነጋዴ ለምን አይሸጥለትም?» ብሎ ጠየቀኝ። መልሱን ለብዙ ዓመታት በክፍል ውስጥ አስተምሬዋለሁ። ጥያቄው ግን ያስታወሰኝ ትምህርቱን ሳይሆን አንዲት ጠላ ሻጭ እናትን ነው።

በ1990ዎቹ መጀመሪያ እዚህ ጎንደር፣ ከፒያሳ ቁልቁል በሚወርድ የኮረኮንች መንገድ ዳር ተከራይቼ እኖር ነበር። መንደሩ አሥራ ስምንት ቤት ነው። «እማማ» የምንላቸው ጎረቤታችን ደንበኞቻቸው በሩን እንዲያገኙ ብለው ባለ 60 ዋት አምፖል ደጃቸው ላይ ሰቅለዋል። ክረምት ላይ ድንጋዩ ያንሸራትታል፤ ከመንገዱ ዳርም ክፍት ቦይ አለ። በጊዜ ስመለስ በእሳቸው ብርሃን እግሬን የት እንደማሳርፍ እያየሁ አልፋለሁ። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ጠጪው ሲበተን ግን እማማ መብራቱን ያጠፋሉ። የማታ ክፍል ሳስተምር አምሽቼ በጨለማ ስገባ አጉረመርም ነበር። ይህን ሳስታውስ አሁንም ያሳፍረኛል።

ልጆቼ፣ እማማ ከአንድ በር ላይ ሁለት ነገር ያቀርቡ ነበር። አንዱ ጠላ ነው፤ ያልከፈለ አይጠጣም፣ አንዱ የጠጣውንም ሌላው አያገኘውም። ሁለተኛው ብርሃን ነው፤ እኔ ስላየሁበት ለጎረቤቴ አይጎድልም፣ ያልከፈለውንም መንገደኛ ዓይንህን ጨፍነህ እለፍ ማለት አይቻልም። ስለዚህ የጠላውን ዋጋ ሁሉም ከፈለ፣ የመብራቱን ማንም አልከፈለም። እማማም መብራቱን ለራሳቸው ገበያ በሚበቃው ልክ ብቻ አበሩ። የግል አቅርቦት ጨርሶ አይጠፋም፤ ባለቤቱ የራሱን ጥቅም እንጂ የአሥራ ስምንቱን ቤት ጥቅም ስለማይቆጥር ያንሳል እንጂ። ከሦስት እስከ ስድስት ሰዓት ለማብራት ወሩን ሙሉ የሚፈጀው ኤሌክትሪክ አምስት ኪሎዋት ሰዓት ያህል ነው፤ በጊዜው ዋጋ ከሁለት ብር አይበልጥም። ኢኮኖሚክስ የማስተምረው እኔ፣ ብቻዬን ልከፍለው የምችለውን ሁለት ብር «እማማ፣ እንኩ» ብዬ አልሰጠሁም።

አንድ ሌሊት የጎረቤት ልጅ ቦዩ ውስጥ ወድቃ ክንዷ ተሰበረ። ያን ጊዜ ደብተር ይዤ ለሁለት የመብራት ምሰሶ መዋጮ ልሰበስብ ተነሣሁ። ሁሉም ነገር 1,800 ብር ያስወጣል፤ ለአንድ ቤት 100 ብር ይደርሳል። በየቤቱ ስጠይቅ መብራቱ ለእያንዳንዱ 150 ብር ያህል የሚያወጣ መሰለኝ፤ በድምሩ 2,700 ብር ነው። ሥራው አዋጭ ነበር። ነገር ግን የከፈለ ሰው ትርፉ 50 ብር ነው፤ ሌሎቹ ከፍለው እሱ ዝም ቢል ግን 150ውን በሙሉ በነጻ ያገኛል። አምስት ቤት ብቻ ከፈለ። ሌሎቹ «ደመወዝ ይውጣ»፣ «ለእኛ ከእማማ በር ያለው ይበቃናል» አሉ። ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ ልጅቷ ስትወድቅ ሁሉም ሮጠው ወጥተዋል። 500 ብሩን መለስሁ።

እናንተ የዛሬ ልጆች መዋጮ በስልክ ቢሰበሰብ ይህ ሁሉ ይቀራል ትላላችሁ። ስልክ መክፈልን ያቀልላል፤ አለመክፈልን ግን አያስቀርም። ደግሞ እያንዳንዳችሁ በስልካችሁ ባትሪ የራሳችሁን እግር ብቻ እያበራችሁ ስታልፉ አያለሁ፤ መንገዱ ከኋላችሁ ተመልሶ ይጨልማል።

መፍትሔው የመጣው ከዕድራችን ነው። የዕድሩ ዳኛ መጀመሪያ «ዕድር ለቀብር እንጂ ለመብራት አልቆመም» ብለው ተቆጡ፤ ከረጅም ክርክር በኋላ ግን ለሰባት ወር በወርሃዊው ክፍያ ላይ 15 ብር እንዲጨመር ፈቀዱ። ያልከፈለ እንደ ማንኛውም የዕድር ዕዳ ይቀጣል። ማንም አላስቀረም። ብርሃንን ከሰው መከልከል አይቻልም፤ ድንኳንና ቀባሪን ግን ይቻላል፣ ከዕድር መውጣት የሚፈልግም የለም። ማንከር ኦልሰን የተባለው ምሁር እ.ኤ.አ. በ1965 ያስረዳው ይህንኑ ነው፤ የጋራው ጥቅም ብቻውን ሰውን አያስከፍልም፣ ለከፋዩ ብቻ ከሚደርስ ነገር ጋር ሲታሰር ግን ይከፈላል። ይህ የሚሠራው ግን በሚተዋወቅ መንደር ነው። ከተማን ሙሉ የሚያቋርጥ አስፋልት ዕድር ስለሌለው መብራቱ ያለ ግብርና ያለ ማዘጋጃ ቤት አይሆንም።

የምሰሶዎቹ መብራት በበራ ማግስት እማማ በርጩማ ላይ ቆመው ያንን አምፖል ሲፈቱ አገኘኋቸው። «ከእንግዲህ ለማድ ቤቴ ይሁነኝ» አሉኝ። በርጩማውን ያዝሁላቸው፤ ስለዚያ ሁሉ ጊዜ ብርሃን ግን ያን ቀንም አንድ ቃል አልተነፈስሁም።