«ስወጣ እንደነበረ እመልሳለሁ»፦ ግድግዳ ስለመቀባትና መደርደሪያ ስለመስቀል ከተከራዮች ጋር ጥያቄና መልስ

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቀለም ቀብቼ ኖሬያለሁ። አሁን ከግቢዬ ሁለት ክፍል አከራያለሁ፤ ስለዚህ የተከራይንም የአከራይንም ቅሬታ በየዕለቱ እሰማለሁ። ግድግዳ መቀባት ወይም መደርደሪያ መስቀል የምትፈልጉ ጠይቁኝ፤ የማውቀውን እነግራችኋለሁ።

ጥያቄ (ከጀሞ)፦ ኮንዶሚኒየም ተከራይቻለሁ። የሳሎኑን አንድ ግድግዳ ጥቁር አረንጓዴ መቀባት እፈልጋለሁ። አከራዬ እናቴ የሚሆኑ ሴት ናቸው። ስወጣ ነጭ አድርጌ እመልሰዋለሁ ብዬ በቃል ብነግራቸው አይበቃም?

መልስ፦ በቃል ጀምሪው፤ ግን በቃል አትጨርሺው። በስልክ ሳይሆን ቤታቸው ሄደሽ፣ የቀለሙን ናሙና ይዘሽ፣ «እትዬ፣ ይቺን ግድግዳ ብቻ» ብለሽ ጠይቂ። ናሙናውን በእጃቸው ሲይዙት ጉዳዩ ያንሳል። «ቤቱን ላስውበው ነበር» ብቻ ካልሽ ግን ወዲያው ሌላ ነገር ያስባሉ።

እኔ ያየኋቸው አከራዮች ቀለሙን ብዙም አይፈሩትም። የሚፈሩት ከስድስት ወር በኋላ ተከራዩ ደረሰኝ ይዞ መጥቶ «ለቤትዎ ያወጣሁት ነው፣ ከኪራዩ ይቀነስልኝ» እንዳይል ነው። ስለዚህ ከመጠየቃቸው በፊት አንቺ ቅደሚና ወጪው የራስሽ መሆኑን ተናገሪ። ግማሹ ሥራ በዚህ ያልቃል።

ሁለተኛው ነገር «ነጭ» የምትለው ቃል ናት። ነጭ አንድ አይደለም። ዛሬ ግድግዳሽ ላይ ያለው ነጭ አራት ዓመት ጭስ የጠጣ፣ ፀሐይ ያየ ነጭ ነው፤ ከሱቅ የምትገዥው ደግሞ እንደ ወተት ያበራል። አረንጓዴውን ብቻ መልሰሽ ብትሸፍኚ ከጎኑ ያሉት ግድግዳዎች የቆሸሹ ይመስላሉ፤ እትዬም «ቤቴን አበላሸችው» ይላሉ። አንቺም አልዋሸሽም፣ እሳቸውም አልተሳሳቱም። ስለዚህ ገና ስትጠይቂ ምን ዓይነት ነጭ እንደሆነና ከየት እስከ የት እንደሚቀባ ተስማሙ። ግድግዳ ከጥግ እስከ ጥግ ነው የሚቀባው፤ መሐል ላይ ከተቆረጠ መስመሩ ሁልጊዜ ይታያል።

ወጪውንም አሁኑኑ አስቢው። ግድግዳሽ 4 ሜትር በ2.6 ሜትር ከሆነ ከ10 ካሬ ሜትር ትንሽ ይበልጣል። አንድ ሊትር የውሃ ቀለም በግምት 10 ካሬ ሜትር አንድ ጊዜ ይሸፍናል። አረንጓዴውን ለመቀባት ሁለት ዙር፣ ማለትም ሁለት ሊትር ገደማ ይበቃሻል። ወደ ነጭ ለመመለስ ግን ሁለት ዙር አይበቃም፤ ጥቁር ቀለም ከታች እየወጣ ግድግዳውን ግራጫ ያስመስለዋል። ሦስት፣ አንዳንዴም አራት ዙር ይፈልጋል። መመለሱ ከመቀባቱ ይበልጣል። ብዙ ተከራይ ቃሉን የሚያጥፈው ክፉ ስለሆነ አይደለም፤ በሚለቅበት ሳምንት እጁ ላይ ያለው ገንዘብ ለአዲሱ ቤት ቅድሚያ ክፍያና ለዕቃ መጫኛ መኪና ስለሚያልቅ ነው። የነጩን ቀለም ዋጋ አሁን ለይተሽ አስቀምጪ።

ወረቀቱ አንድ ገጽ እንኳ አይሞላም። እኔ ለራሴ ተከራይ የፈረምኩለት እንዲህ ይላል፦

«በተከራየሁት ቤት ውስጥ ከመስኮቱ ትይዩ ያለውን የሳሎን ግድግዳ በራሴ ወጪ ጥቁር አረንጓዴ እንድቀባ አከራዬ ፈቅደውልኛል። ወጪውን ከኪራይ አልቀንስም፤ ስለቅም አልጠይቅም። ቁልፍ ከማስረከቤ በፊት ግድግዳውን ከጥግ እስከ ጥግ፣ አረንጓዴው እስከማይታይ ድረስ፣ በነጭ የውሃ ቀለም ቀብቼ እመልሳለሁ። አከራዬ እንዳለ ይቆይ ካሉ በዚሁ ወረቀት ላይ ጽፈው ይፈርሙልኛል።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አትተያት። ሰው ግድግዳውን ይለምደውና «ተዪው፣ ያምራል» ይላል፤ በኋላ አዲስ ተከራይ ሲመጣ ሐሳቡ ይለወጣል።

ጥያቄ (ከሜክሲኮ አካባቢ)፦ ይህ ሁሉ ወረቀት ለምን ያስፈልጋል? የሁለት ወር ቅድሚያ ከፍለናል አይደል? ግድግዳውን ካልመለስን ከዚያ ላይ ይቆርጣል፣ ነገሩ ያበቃል።

መልስ፦ ግማሹ ልክ ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 አከራይ ከሁለት ወር ኪራይ በላይ ቅድሚያ እንዳይቀበል ይከለክላል። ግን ስሙ እንደሚለው ቅድሚያ የተከፈለ ኪራይ ነው፤ ኖረህ ትጨርሰዋለህ። በምትለቅበት ቀን አከራዩ እጅ ላይ የሚቆረጥለት ነገር አይኖርም። ማስያዣ የሚባለው ሌላ ነው፤ እሱን ለብቻው ካልተስማማችሁበት የለም። አከራዮች ለቀለም ፈቃድ የሚንገራገሩት አንዱም በዚህ ምክንያት ነው፤ መያዣ የላቸውማ።

አዋጁ ውሉ በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ ስለሚል ወረቀቱን ከውሉ ጋር አብረህ አስቀምጥ። ውል ስትፈራረም ከሆነ ደግሞ እዚያው ውስጥ ብታስገባው ይሻላል።

ጥያቄ (ከአያት)፦ እኔ የምፈልገው ቀለም ሳይሆን የመጽሐፍ መደርደሪያ ነው። ግድግዳው ብሎኬት ነው። አከራዬ «ግድግዳዬን አትብሳ» አለኝ። ምን ልበለው?

መልስ፦ «መደርደሪያ ልስቀል» ስትለው ስንት ቀዳዳ እንደሆነ አያውቅምና ግድግዳው ወንፊት ሲሆን ይታየዋል። ቁጥር ንገረው፦ «ሁለት መደርደሪያ፣ በእያንዳንዱ አራት፣ በድምሩ ስምንት ቀዳዳ፤ ስፋታቸው 8 ሚሊ ሜትር»። በእርሳስ ግድግዳው ላይ ምልክት አድርገህ በዓይኑ ይየው። እኔ ለአንዱ ተከራዬ እምቢ ብዬ፣ ስምንቱን ነጥብ ሳይ አፍሬ ፈቅጃለሁ።

ብሎኬት ግን ውስጡ ባዶ ነው። ስትበሳ መሰርሰሪያው በድንገት ወደ ፊት ከዘለቀና ዱቄቱ መውጣቱን ካቆመ ባዶው ውስጥ ገብተሃል ማለት ነው። እዚያ ላይ ተራው አጭር ፊሸር ብሎኑን ስታጠብቀው አብሮ ይዞራል፤ አይይዝም። አንድ ሜትር ሙሉ መጽሐፍ ከ20 እስከ 30 ኪሎ ይመዝናል፤ ተነቅሎ ሲወድቅ ልስኑን በሰሐን ስፋት ይዞት ይወርዳል። ያን ጊዜ ቀዳዳ መድፈን ሳይሆን ግድግዳ መለሰን ነው የሚጠብቅህ። ከተቻለ ኮንክሪቱ ምሰሶ ላይ ስቀለው፤ ካልሆነም ለባዶ ብሎኬት የተሠራ ረጅም ፊሸር ግዛ። ቀጭኑ ማካፈያ ግድግዳ አግሮ ስቶን ከሆነ ደግሞ መጽሐፍ አትስቀልበት፤ መሬት ላይ የሚቆም መደርደሪያ አሠራ።

ስትለቅ ፊሸሩን ግድግዳው ውስጥ ትተህ በላዩ አትለስን፤ ወደ ውጭ ይገፋና ያብጣል። ብሎኑን ግማሽ ድረስ አስገብተህ በፒንሳ ሳበው፤ አብሮ ይወጣል። አቧራውን ጥረግ፣ በእርጥብ ጨርቅ አርጥብ፣ ስቱኮ ሙላበት። ሲደርቅ ወደ ውስጥ ስለሚሰምጥ በማግስቱ ሁለተኛ ሙላ፣ በብርጭቆ ወረቀት አስተካክለህ ቀባው። አንድ ጊዜ ብቻ የተሞላ ቀዳዳ በጎን በኩል ብርሃን ሲመታው እንደ ፈንጣጣ ጠባሳ ይታያል። አከራይ ቤት ሲረከብ ደግሞ መጀመሪያ መብራት ነው የሚያበራው።

አስተያየት (ከሰሚት)፦ የእኔ ጉዳይ ትንሽ ይለያል ግን ልንገራችሁ። ወንድሜ ከመብራት ማብሪያው በላይ በኩል መስታወት ሊሰቅል በስቶ ገመዱን መታው። ሰውየው ተረፈ፤ ቤቱ ግን ሦስት ቀን ጨለማ ሆነ። አከራዩ መስታወቱን እንደፈቀደ ማስታወስ እንኳ አልፈለገም።

መልስ፦ እንኳን ተረፈ። ይህ ለሁላችሁም ነው፤ ከማብሪያና ከሶኬት በቀጥታ ወደ ላይና ወደ ታች አትብሱ፤ ገመዱ አብዛኛውን ጊዜ የሚሄደው በዚያ ነው። የወጥ ቤትና የመታጠቢያ ቤት የጋራ ግድግዳ ውስጥም የውሃ ቧንቧ አለ። ለአከራይ ስትነግሩ «ከማብሪያው ርቆ» የሚለውን ጨምሩበት፤ አዋቂ መሆናችሁን ያያል።

ጥያቄ (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሜሪካ)፦ ቤቱን ከለቀቅኩ በኋላ አከራዬ ማስያዣዬን አልመለሰልኝም፤ እዚህ ያሉ አከራዮች ለመመለስ ስንት ቀን አላቸው?

መልስ፦ ጥያቄው ስለ ፈቃድ ነበር፤ ቢሆንም እኅቴ እዚያው ስለምትኖር ይህን አውቀዋለሁ። አንቺ ባለሽበት በሜሪላንድ ግዛት አከራዩ ከለቀቅሽ በ45 ቀን ውስጥ መመለስ አለበት፤ ከቆረጠም ለምን እንደቆረጠ ዘርዝሮ ይጽፍልሻል። እኅቴ በደበዘዘ ቀለም ላይ ብዙ ተሟግታለች፤ በኑሮ የደበዘዘ ቀለም አይቆረጥም፤ ያለ ፈቃድ የተቀባ ቀይ ግድግዳ ግን ሌላ ነገር ነው።

ጥያቄ (ከፒያሳ)፦ የድሮ ጭቃ ቤት ነው። ግድግዳው እስከ ወገብ ድረስ የሚያብረቀርቅ ቡናማ ነበር። አከራዩን አስፈቅጄ ሁሉንም በነጭ የውሃ ቀለም ቀባሁት። አሁን ከታች እንደ እንቁላል ቅርፊት እየተላጠ ነው። የመመለሱ ቃል ምን ይሆናል?

መልስ፦ ያ ቡናማ የዘይት ቀለም ነው። የውሃ ቀለም በዘይት ቀለም ላይ ሲቀባ አይጣበቅም፤ ጥፍር ካስገባህ ይነሳል። የተላጠው ላይ ደግመህ አትቀባ። የተነሳውን ሁሉ በስፓቱላ ፋቅ፤ ከሥር የሚወጣውን ቡናማ በብርጭቆ ወረቀት አሸው፤ ብልጭታው ሲጠፋ በእርጥብ ጨርቅ ጠርገህ በዘይት ቀለም መልሰው። ቃልህ «እንደነበረ» የሚል ከሆነ መልካም አጋጣሚ ነው፤ የነበረው እሱ ነው። ጭቃው ራሱ አብሮ ከተነሳ ግን ቀቢ ሳይሆን ጭቃ ለሳኝ ጥራ።

አስተያየት (ከአራት ኪሎ)፦ የምስማር ቀዳዳ በጥርስ ሳሙና ይደፈናል፤ ስቱኮ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው።

መልስ፦ ለሥዕል ምስማር ለአንድ ሳምንት ያታልላል። ለፊሸር ቀዳዳ አይሆንም፤ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። ከረካቢው ፊት ለፊት ሲረግፍ ማየት አትፈልግም።

ጥያቄ (ከጉለሌ)፦ ጋሼ አከራዬ ከሦስት ዓመት በፊት በቃላቸው ፈቅደውልኝ መኝታ ቤቱን ሰማያዊ ቀባሁ፤ መደርደሪያም ሰቀልኩ። አሁን አርፈዋል። ልጃቸው «ማን ፈቀደልህ? መደርደሪያውንም ትተኸው ውጣ፣ ግድግዳውንም መልስ» ይላል። ሁለቱንም ማለት ይችላል?

መልስ፦ ሁለቱ አብረው ሲሄዱ አላየሁም። ግድግዳውን «እንደነበረ» ካለ መደርደሪያውም አልነበረምና ይነሳል። በእኔ ቤት ቢሆን ወይ ሁለቱን መልስ፣ ወይ ሁለቱን ተው እልህ ነበር። በሕግ ልጁ የአባቱ ቃል ይይዘዋል ወይ ለሚለው የምትጠይቀው ጠበቃ እንጂ ቀቢ አይደለም። ጋሼ ሲፈቅዱልህ ማን ነበረ? ጎረቤት፣ ሠራተኛ፣ ቀለም የቀባልህ ሰው? ቀቢውን አግኘው፤ ጋሼ መጥተው ካዩ ያስታውሳል። ከመቀባቱ በፊት ስልክህ ላይ ያነሳኸው ፎቶም ካለ ፈልገው።

ጥያቄ (ከጉለሌ)፦ ቀቢው እኔው ነኝ።

መልስ፦ እንግዲያው ጎረቤት ጠይቅ።